ፎንቱን ወርድ ውስጥ ልክተተው ወይስ ፒዲኤፍ ላድርገው?

ባለፈው ዓመት ስድስት ኪሎ፣ ግቢው ፊት ለፊት ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ውስጥ ቆመናል። እኔና ታናሽ እህቴ። የመመረቂያ ጽሑፏን በፍላሽ ይዘን መጥተናል። 84 ገጽ ነው። ቤት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቆጥረነዋል። ልጁ ፍላሹን ሰክቶ ፋይሉን ከፈተና «91 ገጽ ነው፣ በስንት ኮፒ?» አለን።

እህቴ ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። ከዚያ ስክሪኑን አዞረልን። ማውጫው ምዕራፍ ሦስት ገጽ 37 ላይ ነው ይላል፤ ምዕራፉ ያለው ግን 40 ላይ ነው። አንዱ ሠንጠረዥ ርዕሱ ከታች ብቻውን ቀርቶ ሠንጠረዡ ወደሚቀጥለው ገጽ ዘሏል። የሽፋኑ ርዕስ በሁለት መስመር ያልቅ የነበረው ሦስት መስመር ሆኖ የአማካሪዋን ስም ወደ ታች ገፍቶታል። ፊደሉ ራሱ ይነበባል፣ ካሬ ካሬ አልሆነም፣ ግን የእሷ ፊደል አይደለም። ልጁም ነገሩ ገብቶታል። «ፎንቱ እኔ ጋ የለም፣ ሌላ ተክቶበት ነው» አለ። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚለው እግዜር ይወቀው።

ይኼ ጽሑፍ ከዚያ ቀን በኋላ ያወቅኩትን ነው። ሁለት መንገድ አለ። ወይ ፎንቱን ወርድ ፋይሉ ውስጥ መክተት፣ ወይ ፒዲኤፍ ማድረግ። ሁለቱም «ኢምቤድ» ይባላሉ፣ ሁለቱም ፎንቱን ከጽሑፉ ጋር ያስይዛሉ፣ የሚያገለግሉት ግን ለተለያየ ሰው ነው።

መጀመሪያ ግን ነገሩ ለምን እንደሚፈርስ።

ወርድ ስታስቀምጡ ፋይሉ ውስጥ የሚገባው ጽሑፉና የፎንቱ ስም ብቻ ነው። የፊደሎቹ ቅርጽ አይገባም። «ይኼ አንቀጽ በ Abyssinica SIL ነው፣ መጠኑ 12 ነው» ተብሎ ይጻፋል፣ በቃ። ፋይሉን የሚከፍተው ኮምፒውተር በዚያ ስም ፎንት ካለው ይጠቀማል። ከሌለው ግዕዝ ፊደል ያለው ሌላ ፎንት ፈልጎ ይተካል። ዊንዶውስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኢብሪማ ወይም ኒያላ ነው፣ ማክ ላይ ኬፋ፣ አንድሮይድ ስልክ ላይ ኖቶ። የእነዚህ ሁሉ የፊደል ስፋት ይለያያል፣ በመስመርና በመስመር መሀል የሚተዉት ክፍተትም ይለያያል። በአንድ መስመር ላይ አንድ ቃል ወደ ታች ብትወርድ፣ በአንድ ገጽ ላይ አንድ መስመር ትጨምራለች፣ 84 ገጽ ሲሆን ደግሞ ሰባት ገጽ ትሆናለች። የእኛ ሒሳብ ይኼው ነበር።

አሁን፣ የትኛውንም መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ የምታጣሩት ነገር አለ፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸወደው።

ጽሑፋችሁ ላይ አንድ የአማርኛ ቃል ምረጡና ከላይ ያለውን የፎንት ሳጥን እዩት። Times New Roman ወይም Arial ወይም Calibri የሚል ከሆነ ነገሩ ችግር አለው። እነዚህ ፎንቶች ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። አንድም። ታዲያ የምታዩት አማርኛ ከየት መጣ? ኮምፒውተሩ ከጀርባ ሌላ ፎንት ጠርቶ ነው የሚስልላችሁ። ሳጥኑ አንድ ስም ይላል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ሌላ ነው። እንዲህ ያለውን ፋይል ወርድ ውስጥ ፎንት ክተት ብትሉት የሚከትተው በስም የተጠራውን ነው። አማርኛውን የሚስለው ፎንት በስም ስላልተጠራ ውጭ ይቀራል። እናንተ «ኢምቤድ አድርጌዋለሁ» ብላችሁ ትልካላችሁ፣ እዚያ ማዶ ደግሞ እንደፈረደበት ይፈርሳል።

ሌላም ሽውዳ አለ። ወርድ አማርኛ ስትጽፉ ብዙ ጊዜ ራሱ ኒያላን ይመርጣል፣ ምክንያቱም ከኦፊስ ጋር በሚመጣው ገጽታ ውስጥ ለግዕዝ የተመደበው ፎንት ኒያላ ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ኒያላ በራሱ አይጫንም፣ ተጨማሪ ሆኖ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሳጥኑ ኒያላ እያለ የምታዩት ኢብሪማ ሊሆን ይችላል። Settings ውስጥ ገብታችሁ Fonts የሚለው ዝርዝር ላይ ስሙን ፈልጉት። እዚያ ከሌለ የላችሁም።

መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ ፎንት ምረጡና በስም ስጡት። ቃል በቃል እየመረጣችሁ ሳይሆን ከስታይሉ። Normal የሚለውን ስታይል በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ Modify በሉት፣ ፎንቱን እዚያ ለውጡ፣ ርዕሶቹንም እንዲሁ። እህቴ የመረጠችው አቢሲኒካን ነው። ነፃ ነው፣ ለማንም ማካፈልም ይቻላል። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ አቢሲኒካ ደማቅ የሚባል ለብቻው የተሠራ ቅርጽ የለውም። ቦልድ ስትሉት ወርድ ራሱ ነው የሚያወፍረው፣ ትንሽ ይደበዝዛል። ለርዕስ እውነተኛ ደማቅ ፊደል ከፈለጋችሁ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ አለው። እሱን ከጉግል ስታወርዱ ግን ዚፑ ውስጥ static የሚል ፎልደር ታገኛላችሁ፤ የሚጫነው እዚያ ያለው ነው። ከውጭ ያለው ክብደቱ እንደተፈለገ የሚለዋወጥ ዓይነት ነው፣ ወርድ ከሱ ጋር አይስማማም።

ደግሞ ፎንቱ መከተት የሚፈቀድ መሆን አለበት። የፎንቱ ሠሪ ፋይሉ ውስጥ ፈቃድ ይጽፋል። ዊንዶውስ ላይ የፎንቱን ፋይል በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ Properties፣ ከዚያ Details ብትሉ Font embeddability የሚል መስመር አለ። Installable ወይም Editable ካለ ምንም ችግር የለም። Preview/Print ካለ ተቀባዩ ያያል፣ ያትማል፣ አያርምም። Restricted ካለ ተዉት፣ አይከተትም። ከሰው ፍላሽ ወደ ሰው ፍላሽ ሲዘዋወሩ የመጡት የጌጥ ፎንቶች፣ እነዚያ ለሠርግ ካርድ የምንወዳቸው፣ እዚህ ጋ ምን እንደሚሉ ሳታዩ አትመኑባቸው።

እንግዲህ ወደ ምርጫው።

መጀመሪያ የወርዱን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የእህቴ አማካሪ ፒዲኤፍ አይፈልግም። ጽሑፉ ውስጥ ገብቶ ማረም፣ ዳር ላይ አስተያየት መጻፍ ነው የሚፈልገው። ማክ ነው የሚጠቀመው። እንዲህ ያለ ሰው ካላችሁ ወርድ ውስጥ ከመክተት ሌላ መንገድ የለም፣ ወይም ፎንቱን ለብቻው ልካችሁ እንዲጭን መለመን ነው። አማካሪን ያህል ሰው ደግሞ «ጋሼ፣ እባክዎ ይህን ፎንት ይጫኑልኝ» ማለት ከባድ ነው፣ እኔ ራሴ አላደርገውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። File፣ Options፣ Save። ገጹ መጨረሻ ላይ Embed fonts in the file የሚል ሳጥን አለ። እሱን ምልክት አድርጉበት። ከሥሩ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ይከፈታሉ፣ ጉዳዩ ያለው እነሱ ላይ ነው።

የመጀመሪያው Embed only the characters used in the document ይላል። ጽሑፉ ውስጥ ያሉትን ፊደሎች ብቻ ክተት፣ ፋይሉ እንዳይከብድ፣ ማለት ነው። ደስ ይላል ሲሰሙት። እህቴም በመጀመሪያው ዙር ምልክት አድርጋበት ላከች። አማካሪዋ ሲያርም አንድ ቦታ ላይ መረጃው የተሰበሰበበትን ጊዜ አስተካክሎ «እስከ ጳጉሜን 3 ቀን» ብሎ ጻፈ። 84 ገጽ ሙሉ ውስጥ እህቴ አንዲትም «ጳ» አልተጠቀመችም ነበር። ስለዚህ «ጳ» አልተከተተችም። ፋይሉ ሲመለስ «ጉሜን» በአቢሲኒካ፣ «ጳ» ግን በሌላ ፎንት፣ ወፈር ብላ፣ ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ብላ ቁጭ ብላለች። ጥርስ መሀል እንደገባ ወርቅ። ያቺን አንዲት ፊደል አይቶ ነው ሰው ነገሩ የሚገባው። የላቲን ፊደል ቢሆን ሃምሳ ምናምን ነው፣ በጥቂት ገጽ ውስጥ ሁሉም ማለት ይቻላል ይመጣሉ። የእኛ ግን ከሦስት መቶ በላይ ስለሆነ በረጅም ጽሑፍ ውስጥ እንኳ የማይመጣ ፊደል ሁልጊዜ ይኖራል። ስለዚህ ሌላ ሰው የሚያርመው ከሆነ ይኼን ሳጥን ባዶ ተዉት። ሙሉው ፎንት ይግባ። የፋይሉ መጠን ይጨምራል፣ ግን የአማርኛ ፎንት እንደ ቻይንኛው የሚያስፈራ አይደለም፣ በቴሌግራም ለመላክ የሚያስቸግር አይሆንም።

ሁለተኛው ሳጥን Do not embed common system fonts ይላል። ብዙ ጊዜ ምልክት ተደርጎበት ነው የምታገኙት። ሐሳቡ «ሁሉም ሰው ያለውን ፎንት ለምን እንጭናለን» ነው። ሁሉም ሰው ሲል ግን ዊንዶውስና ኦፊስ ያለውን ሰው ነው የሚያስበው። የእኛ ሰውዬ ማክ ላይ ነው ያለው። ምልክቱን አንሱት።

ሌላው፣ ይኼ ማስተካከያ የዚያ ሰነድ ነው። ነገ አዲስ ሰነድ ከከፈታችሁ እንደገና መሥራት አለባችሁ። እኔ ሁለት ጊዜ ረስቼዋለሁ።

አሁን በእርግጥ መከተቱን እንዴት ታውቃላችሁ? ወርድ አይነግራችሁም፣ መከተት ያልተፈቀደውን ፎንት እንኳ ዝም ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እኔ የማደርገው ይኼን ነው። የፋይሉን ኮፒ አደርግና መጨረሻው ላይ ያለውን .docx ወደ .zip እቀይረዋለሁ። አትደንግጡ፣ ወርድ ፋይል ድሮም ዚፕ ነው። ስትከፍቱት word የሚል ፎልደር አለ፣ እሱ ውስጥ ደግሞ fonts የሚል። እዚያ ውስጥ font1.odttf የሚመስሉ ፋይሎች ካሉ ፎንቱ ገብቷል። አቢሲኒካ ብቻ ከሆነ ለሱ አንድ ፋይል ይበቃል፣ ኖቶን ከነደማቁ ከተጠቀማችሁ ሁለት መሆን አለበት፣ ምክንያቱም መደበኛውና ደማቁ የተለያዩ ናቸው። እንግሊዝኛ ፎንትም ካለ እሱም ይጨመራል። fonts የሚለው ፎልደር ከናካቴው ከሌለ ምንም አልተከተተም።

ይኼ ሁሉ ተደርጎም የወርዱ መንገድ የሚሠራው ተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ወርድ ካለው ነው። ዊንዶውስ ላይ ይሠራል። ማክ ላይም ከ2019 ወዲህ ባለው ወርድ ይሠራል። ሊብረኦፊስም ያነበዋል። ጉግል ዶክስ ግን የተከተተውን ፎንት አይመለከተውም፣ የራሱን ነው የሚያመጣው። ስልክ ላይ ያሉት መክፈቻዎችም ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው። እኛ አገር ደግሞ ሰው ፋይል የሚከፍተው መጀመሪያ ስልኩ ላይ ነው፣ ቴሌግራም ላይ መጣ፣ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ነካው፣ አየው። «ፊደሉ ተበላሽቷል» ብሎ ከደወለላችሁ በምን እንደከፈተው ጠይቁት። ስልክ ላይ ማየት ለሚፈልግ ሰው ወርድ መላክ በከንቱ መድከም ነው።

ወደ ፒዲኤፉ እንምጣ። ማንበብና ማተም ብቻ ለሚፈልግ ሰው ሁሉ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱም ይሁን ፈታኙ ይሁን ቢሮ ውስጥ ማመልከቻችሁን የሚቀበለው ሰው፣ ምርጫው ይኼ ነው፣ ክርክር የለውም። ፒዲኤፍ ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ተወስኗል። መስመር እንደገና የሚሰበርበት፣ ገጽ የሚጨምርበት መንገድ የለም። ፎንቱም በራሱ ይከተታል። ደግሞ ያ ከጀርባ የሚስለው ፎንት፣ ሳጥኑ ውስጥ ስሙ የሌለው፣ እዚህ እሱም ይገባል፣ ምክንያቱም ፒዲኤፍ የሚይዘው በትክክል የተሳለውን ነው። የተጠቀማችሁበትን ፊደል ብቻ መያዙም እዚህ ችግር አይደለም። የሚያርመው ሰው የለማ።

ግን አንድ ሕግ አለው፣ ይኼን ነው ሰው የማያውቀው፦ ፒዲኤፉ መሠራት ያለበት ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ነው። የእናንተ ላይ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ «ፒዲኤፍ አድርግልኝ» ብትሉት፣ ልጁ የፈረሰውን 91 ገጽ ቆልፎ ይሰጣችኋል። ኢንተርኔት ላይ ያሉት «ወርድ ወደ ፒዲኤፍ» የሚሉ ገጾችም እንደዚያው ናቸው፣ ፋይላችሁ የሚቀየረው ሌላ አገር ባለ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ እዚያ አቢሲኒካ መኖሩን በምን ታውቃላችሁ? ማክ ላይ ወርድ ፒዲኤፍ ሲሠራ ሁለት ምርጫ ያቀርባል፣ Best for electronic distribution የሚለው ፋይሉን ወደ ማይክሮሶፍት ልኮ ነው የሚሠራው፣ Best for printing የሚለው እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ። ለአማርኛ ሁለተኛውን ምረጡ።

ዊንዶውስ ላይ File፣ Save As፣ ዓይነቱን PDF በሉና ከማስቀመጣችሁ በፊት Options የሚለውን ክፈቱ። ከታች Bitmap text when fonts may not be embedded የሚል አለ። ፎንቱ መከተት የማይፈቀድ ከሆነ ጽሑፉን ሥዕል አድርገው ማለት ነው። ሲያዩት ደህና ነው። ግን በውስጡ አንድም ቃል መፈለግ አይቻልም፣ ሲያጎሉት ጠርዙ ይሻክራል፣ ሲታተምም ያስታውቃል። ምልክቱን እንዳለ ብትተዉት ችግር የለውም፣ ግን ሥራ ላይ መዋሉን ማወቅ አለባችሁ።

ማረጋገጫው እዚህ ቀላል ነው። ፒዲኤፉን በአዶቤ ሪደር ክፈቱ፣ Ctrl+D ንኩ፣ Fonts የሚለውን ገጽ ተመልከቱ። የፎንቱ ስም አጠገቡ Embedded Subset የሚል ካለው ገብቷል። ስሙንም አንብቡ እንጂ Embedded የሚለውን ብቻ አይታችሁ አትለፉ! አቢሲኒካ ጠብቃችሁ ኢብሪማ ካገኛችሁ፣ በሥርዓት የተከተተ የተሳሳተ ፎንት ይዛችኋል። በትእዛዝ መሥራት የሚቀናችሁና pdffonts የሚባለው ፕሮግራም የተጫነላችሁ ከሆነ እንዲህም ይቻላል፦

```
pdffonts merekeya.pdf
```

ከሚመጣው ሠንጠረዥ emb የሚለው ዓምድ ሥር yes ካለ ተከትቷል፣ sub ሥር yes ካለ የተጠቀማችሁበት ፊደል ብቻ ነው የገባው፣ uni ሥር yes ካለ ደግሞ ጽሑፉ ተቀድቶ ሊወሰድ ይችላል። የፎንቱ ስም ፊት ስድስት ትልልቅ የላቲን ፊደሎችና የመደመር ምልክት ታያላችሁ፣ BCDEEE+ ዓይነት ነገር። ስሕተት አይደለም፣ የተቆረጠ ፎንት መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው።

ከዚያ አንድ ፈተና ጨምሩ። ከፒዲኤፉ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ጨርሳችኋል። ነጥብና ሰረዝ ያለበት የላቲን ዝብርቅርቅ ከወጣ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆች 1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደሎቻቸውን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ኮድ ነው፣ «ሀ» የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ፎንቱ ከተከተተለት መልኩ ይተርፋል፣ ይታተማል፣ ማንም አያውቅም። ግን ቃል አይፈለግበትም፣ ጽሑፉ ተቀድቶ ሌላ ቦታ አይሄድም። እስከ ዛሬ በእነዚህ ፎንቶች የሚጽፍ ቢሮ አለ፣ የድሮ ፋይል እየከፈተ ስም እየቀየረ። ኢምቤድ ማድረግ ለዚህ መድኃኒት አይደለም። ጽሑፉ ራሱ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት።

PDF/A የሚባልም አለ፣ እዚያው Options ውስጥ። ለረጅም ዘመን ለሚቀመጥ ሰነድ ተብሎ የወጣ ደንብ ነው፣ ሁሉም ፎንት እንዲከተት ያስገድዳል። ቤተ መጻሕፍቱ ከጠየቀ ምልክት አድርጉበት። ካልጠየቀ ተራው ይበቃል።

ማተሚያ ቤት የሚባለው ግን ከፎቶ ኮፒ ቤት ይለያል፣ እዚህ ጋ ፒዲኤፉም ይቸገራል። ሽፋኑን ለብቻው በወፍራም ወረቀት ልናሳትም ፒያሳ ሄድን። ባለሙያው ፒዲኤፉን ሪደር ላይ አልከፈተውም፣ ኮረል ድሮው ውስጥ አስገባው፣ ምክንያቱም መጠኑን ማስተካከል፣ የመቁረጫ መስመር መጨመር አለበት። ኮረል ደግሞ ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ ሊከፍተው ሲሞክር ፎንቱን ከኮምፒውተሩ ይጠይቃል። ፒዲኤፍ ውስጥ የተከተተው ቁራጭ ለማየት እንጂ ለማረም አይሆንም። እና ርዕሱ እንደገና ሦስት መስመር ሆነ! እህቴ ልታለቅስ ነው። ፋይሉ ሲገባ ኮረል ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ ወይም እንደ Curves ላምጣው ብሎ ይጠይቃል። Curves ካሉት ፊደሎቹ መስመር ይሆናሉ፣ ፎንት አይጠየቅም፣ ቅርጹ አይነካም፣ በምትኩ አንድ ፊደል እንኳ ማረም አይቻልም። «ወንድሜ፣ ከርቭ አድርገህ አስገባው፣ የሚታረም የለውም» አልኩት። ሠራ። ለእንዲህ ያለ ሰው ፒዲኤፉን ስትልኩ የፎንቱን ፋይልም አብራችሁ ላኩ፣ እንደ አቢሲኒካና ኖቶ ያሉት በነፃ እንዲካፈሉ የተፈቀዱ ስለሆኑ ምንም አያስጠይቅም። ገንዘብ የተከፈለበት ፎንት ከሆነ ግን ፈቃዱን እዩ።

በመጨረሻ እህቴ ያደረገችው ይኼ ነው። ስታይሎቹን ሁሉ በስም አቢሲኒካ አደረገች። ለአማካሪዋ ወርዱን ሙሉ ፎንት ከትታ፣ ሁለቱንም ትንንሽ ሳጥኖች ባዶ ትታ ላከች። እርማቱ ሲመለስ «ጳ» ከሌሎቹ ጋር ተስተካክላ ቁጭ ብላለች። ማውጫውን በ F9 አደሰችው፣ ከዚያ በራሷ ላፕቶፕ ላይ ፒዲኤፍ ሠራች፣ Ctrl+D ብላ ስሙን አነበበች፣ ገጹን ቆጠረች። ከእርማቱ ጋር 86 ሆኗል። ስድስት ኪሎ ያ ልጅ ጋ ተመለስን። ፍላሹን ሰካ፣ ከፈተ፣ «86 ገጽ፣ በስንት ኮፒ?» አለ። አምስት አልነው። ወርዱን ፍላሹ ላይ ጭራሽ አላስቀመጥነውም ነበር፣ እንዳይሳሳት።